የጠዋት ሪፖርት፦ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫነትና ነስር ያለበት የ24 ዓመት ወጣት

እንደምን አደራችሁ። ከሌሊቱ ገቢዎች አንዱን በሙሉ አቀርባለሁ። ሌሎቹ ተረጋግተው አድረዋል፣ ራውንድ ላይ እናያቸዋለን።

ታካሚው የ24 ዓመት ወጣት ነው። እዚሁ ደብረ ብርሃን በግንባታ የቀን ሥራ ይሠራል። ለ3 ቀን በቆየ ከፍተኛ ትኩሳት፣ በዓይን ቢጫነትና በነስር ትላንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ገባ።

ይህ ትኩሳት ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው የዛሬ 15 ቀን ብርድ ብርድ እያለው ጀመረ። 5 ቀን ቆይቶ በብዙ ላብ ለቀቀው። 7 ቀን ደህና ሆኖ ሥራ ገባ። ከዚያ እንደገና ተነሣበት፤ አሁን ራስ ምታት፣ የቅልጥም ሕመምና ማስመለስ አለው። ነስሩ ከትላንት ወዲያ ነው የጀመረው።

ከ3 ሳምንት በፊት ሸዋ ሮቢት ማሾ ለቀማ ላይ ነበር። ስለዚህ ወባን ሳናይ ማለፍ አልቻልንም። ከተመለሰ ወዲህ ግን ከአምስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል፤ ብርድ ልብስ ይጋራሉ። ከእነሱ አንዱም ትኩሳት ይዞት ተኝቷል። በግል ክሊኒክ የታይፎይድ መድኃኒትና የዳይክሎፌናክ መርፌ ተሰጥቶታል። የዊዳሉን ውጤት አልዘረዝርም፣ ውሳኔያችንን አይለውጥም። የቆየ ሕመም የለውም። ለፔኒሲሊን አለርጂ የለውም።

ሲገባ ሙቀቱ 39.6፣ የልብ ምቱ 122፣ ቢፒው 95 በ60፣ ትንፋሹ 26 ነበር። ኦክስጅኑ 89 በመቶ። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆንን ቁጥሩን ለብቻው አልወሰድኩትም፣ ሳንባው ንጹሕ ነው። ራሱን ያውቃል፤ አንገቱ አልገተረም። ዓይኑ ቢጫ ነው። ጉበቱ ሲነካ ያመዋል፣ ጣፊያው ከጎድን አጥንት በታች 4 ሴንቲ ሜትር ይዳሰሳል። ደረቱ ላይ ነጠብጣብ የደም ምልክት አለ። የሹራቡን ስፌት ስንገለብጠው ቅማልና ቅጫም ተደርድሮ አየን። ይህን ያየችው ሲስተር ናት፤ ልብሱን ሳይወሰድ አስቀርታ አሳየችኝ።

የወባ አርዲቲ ኔጌቲቭ ነው። ብለድ ፊልሙ ላይ የወባ ተሐዋስ የለም፤ በቀይ የደም ሕዋሶቹ መሃል ግን ብዙ ስፓይሮኬት ታይቷል። ፕሌትሌት 46,000፣ ሄሞግሎቢን 12.3፣ ጠቅላላ ቢሊሩቢን 5.4፣ ክሪያቲኒን 1.8። ኤችአይቪ ኔጌቲቭ።

ባጭሩ፦ ተፋፍጎ የሚያድር፣ ቅማል ያለበት፣ ትኩሳቱ ለቆት የተመለሰበት፣ ከቢጫነትና ከመድማት ጋር የመጣ፣ ፊልሙ ላይ ስፓይሮኬት የታየበት ወጣት ነው። ምርመራዬ በቅማል የሚተላለፍ ሪላፕሲንግ ፊቨር ነው። ተስቦንም አስቤ ነበር። ሆኖም እሱ እንዲህ ለቆ አይመለስም፣ ፊልም ላይም አይታይም። አብሮ ሊኖር ይችላል፤ ዛሬ የምንሰጠው ዶክሲሳይክሊን እሱንም ይሸፍናል።

የፈራሁት ሕክምናው ራሱ የሚያስነሣውን ሪአክሽን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት መስመር ከፍተን 1 ሊትር ኖርማል ሳላይን ሰጠን። ቀጥሎ ከምሽቱ 5 ሰዓት ፕሮኬይን ፔኒሲሊን 400,000 ዩኒት በጡንቻ ተወጋ። ሲስተር በየ15 ደቂቃው ለካችው። 6 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋውን እስኪያንቀጠቅጥ ተንቀጠቀጠ። ሙቀቱ 40.8 ደረሰ፣ ቢፒው ወደ 78 በ40 ወረደ። ሌላ 1 ሊትር ተኩል ፈሳሽ፣ ኦክስጅን፣ ፓራሲታሞልና በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ቀጠልን። ከ9 ሰዓት በኋላ አልቦት ቢፒው 100 በ60 ሆነ። የነስር ግፊት አላቋረጥንም፤ ዳይክሎፌናክ እንዳይደገም ካርዱ ላይ በቀይ ጽፌያለሁ።

ዛሬ ጠዋት 37.4 ነው። የሽንቱ መጠን ጥሩ ነው። ነስሩ ቆሟል። ድጋሚ ፊልሙ ንጹሕ ነው። ሻይ ጠጥቷል። አሁንም ከዓይናችን ልንለየው አይገባም፤ ከሪአክሽኑ በኋላም ልቡ ሊደክም ይችላል። ቶሎ ከአልጋ እንዳይነሣም ነግሬዋለሁ።

ዛሬ የታሰበው፦ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በአፍ፣ ፕሌትሌትና ክሪያቲኒን መድገም፣ ኢሲጂ ማንሣት። ልብሱ በፈላ ውሃ ይቀቀላል። ሪላፕሲንግ ፊቨር በየሳምንቱ ሪፖርት ስለሚደረግ ለቅኝት ክፍሉ አሳውቄያለሁ።

ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ዶክተር፣ ፕሌትሌቱ 46,000 ሆኖ መድማቱ ስለቆመ ደም ሳንሰጥ እንከታተለው ብያለሁ፤ ይስማማሉ ወይ? ሌላው የክፍል ጓደኞቹ ጉዳይ ነው። አምስቱም ዛሬ መታየት አለባቸው፤ በተለይ ትኩሳት ያለበት ማታ ሳይደርስ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አግኝቻታለሁ፣ 4 ሰዓት ላይ ሳይቱ ጋ ትጠብቀናለች። አብሯት የሚሄድ አንድ ሰው ከቡድናችን ይመደብልኝ።