«ፖር» እና «ፓራ»፦ ቀነ ገደብን፣ መድረሻንና ምክንያትን በስፓኒሽ መግለጽ

ስፓኒሽ መማር የጀመረ አማርኛ ተናጋሪ «ፖር»ን ከ«ፓራ» መለየት የሚያስቸግረው፣ ሁለቱም ብዙ ጊዜ በአማርኛ በ«ለ» ስለሚገለጹ ነው። ስለዚህ «ለ»ን ለመተርጎም ከመቸኮል፣ የተነገረው ነገር ወደፊት የሚያመለክት ነው ወይስ ወደ ኋላ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። «ፓራ» የሚያሳየው የሚደረስበትን ማለትም ቀነ ገደብን፣ መድረሻን ወይም ዓላማን ሲሆን፣ «ፖር» የሚያሳየው ነገሩን ያመጣውን ምክንያት ወይም የሚታለፍበትን መንገድ ነው። ይህ ሁሉንም አጠቃቀም አያጠቃልልም፤ እንደ «ፖር ፋቦር» («እባክዎ») እና «ፖር ፊን» («በመጨረሻ») ያሉት ሐረጎች ያለ ምርምር በቃል መያዝ አለባቸው።

ከሁሉ የሚቀለው ቀነ ገደብ ነው። በማድሪድ አንድ የቢሮ ሠራተኛ «ኔሴሲቶ ሎስ ፓፔሌስ ፓራ ኤል ቢዬርኔስ» ብትል፣ «ወረቀቶቹ ለዓርብ ያስፈልጉኛል» ማለቷ ነው፤ ረቡዕ ቢደርሷት ደስ ይላታል፣ ቅዳሜ ከሆነ ግን ጊዜው አልፏል። እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያግዘናል፤ «ለዓርብ አድርስልኝ» ስንል «ለ» የ«ፓራ»ን ሥራ በትክክል ይሠራል። ሠራተኛዋ ሰዓቱን ጠበብ አድርጋ «ፓራ ኤል ቢዬርኔስ ፖር ላ ታርዴ» ብትል ግን ሁለቱም ቃላት አንድ ላይ ይመጣሉ፤ «ፓራ» ቀነ ገደቡን፣ «ፖር» ደግሞ የቀኑን ክፍል፣ ከሰዓት በኋላን፣ ያሳያል። ሰዓቱ በቁጥር ከተጠራ «ፖር» ቦታውን ለ«ዴ» ይለቅና «ፓራ ላስ ሲንኮ ዴ ላ ታርዴ» ይባላል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ለ11 ሰዓት ማለት ነው።

መድረሻን በተመለከተ አንድ የባቡር ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ከማድሪድ ወደ ሴቢያ የሚወስደውና በ1992 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፈጣን ባቡር መስመር በኮርዶባ በኩል ያልፋል፤ ስለዚህ «ኤል ትሬን ፓራ ሴቢያ ፓሳ ፖር ኮርዶባ» ይባላል። «ወደ» የምንለው «ፓራ»፣ «በ… በኩል» የምንለው «ፖር» ሆነ። ቃሉ ሲለወጥ ጉዞውም ይለወጣል፦ «ሳልጎ ፓራ ሴቢያ» ያለ ሰው ወደዚያ ሊነሣ ነው፤ «ካሚኖ ፖር ሴቢያ» ያለው ግን እዚያው ከተማ ውስጥ በእግሩ እየተዘዋወረ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ምክንያት ነው፤ ምክንያቱም «ለምን» የሚለው ጥያቄያችን በስፓኒሽ ለሁለት ይከፈላል። «ፖር ኬ ኤስቱዲያስ ኤስፓኞል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ለትምህርቱ ያነሣሣዎትን ይፈልጋል፤ «ፖር ሚ ትራባኾ»፣ «በሥራዬ ምክንያት» ብሎ መመለስ ይቻላል። «ፓራ ኬ?» ካለ ግን ምን ሊያደርጉበት እንዳሰቡ ነው የሚጠይቀው፤ መልሱም «ፓራ አብላር ኮን ሎስ ክሊዬንቴስ»፣ «ከደንበኞች ጋር ለመነጋገር» ይሆናል። ግሱ በአማርኛ «ለመ…» ወይም «እንዲ…» ብሎ ዓላማን ሲናገር «ፓራ» ይመረጣል፤ ስሙ «በ… ምክንያት» ወይም «ለ… ስል» የሚል ከሆነ «ፖር»። «ዬጌ ታርዴ ፖር ኤል ትራፊኮ» («በመንገድ መጨናነቅ ምክንያት ዘገየሁ») የሚለው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በ«ለ» ብቻ የምንናገረው ግን ያሳስታል። «ትራባኾ ፓራ ሚ ቲዮ» ማለት አጎቴ አሠሪዬ ነው ማለት ነው፤ «ትራባኾ ፖር ሚስ ኢኾስ» ደግሞ ለልጆቼ ስል እሠራለሁ ማለት ነው፤ ሁለተኛው በ«ፓራ» ቢነገር ልጆቹ ደመወዝ ከፋይ ሊመስሉ ይችላሉ። ምስጋናም እንዲሁ ነው። «ለእርዳታዎ አመሰግናለሁ» ስለምንል ብዙ ጀማሪ «ግራሲያስ ፓራ» ይላል፤ ትክክሉ «ግራሲያስ ፖር ላ አዩዳ» ነው፣ እርዳታው ምስጋናውን ያመጣው ምክንያት ነውና።

አሁን ለአለቃ የተላከውን ይህን መልእክት ጮክ ብለው ያንብቡ፦ «ማኛና ሳልጎ ፓራ ቶሌዶ ፖር ትራባኾ፣ ፔሮ ኤል ኢንፎርሜ ኤስታራ ሊስቶ ፓራ ኤል ሉኔስ»። ትርጉሙ «ነገ ለሥራ ጉዳይ ወደ ቶሌዶ እነሣለሁ፣ ሪፖርቱ ግን ለሰኞ ዝግጁ ይሆናል» ነው። የመጀመሪያው «ፓራ» መድረሻ፣ «ፖር» የጉዞው ምክንያት፣ የመጨረሻው «ፓራ» ቀነ ገደብ ነው። ቶሌዶን በሴቢያ፣ ሰኞን በዓርብ፣ ሥራን በቤተሰብ ጉዳይ እየተኩ ደጋግመው ይጻፉት፤ ሦስቱም ቃላት ከቦታቸው አይነቃነቁም።