የዓሣ ምዝገባ ፕሮጀክታችን ተሰርዟል

ሰኞ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ፣

ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገራችሁ። የዓሣ ምዝገባ ፕሮጀክታችን ተሰርዟል። ለጊዜው የቆመ ወይም ለሌላ ጊዜ የተላለፈ አይደለም። አብቅቷል። ውሳኔው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው የደረሰኝ። ሁለቱን ቀን ዝም ያልኩት የእያንዳንዳችሁ ደመወዝ እስከ መቼ እንደሚከፈል በጽሑፍ ሳልይዝ ወሬውን ብቻ ላቀብላችሁ ስላልፈለግሁ ነው። ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት እጄ ገብቷል።

ሰብስቤ በአፌ ብነግራችሁ ይሻለኝ ነበር። ግን ደቅ፣ ጎርጎራና ደልጊ ያላችሁት ከባሕር ዳሮቹ ቀድማችሁም ዘግይታችሁም እንድትሰሙ አልፈለግሁም። ለዚህ ነው ለሁላችሁም በአንድ ጊዜ የጻፍኩት።

ለምን ተሰረዘ? ገንዘቡን የሚሰጠው ድርጅት የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ሲከልስ የምዝገባ ሥራዎችን በሙሉ አውጥቷል። የእኛ ብቻ ሳይሆን በሌሎች ቦታዎች ያሉ ተመሳሳይ ሥራዎችም ወጥተዋል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ስንጀምር በ14 ወር ውስጥ በጣና ሐይቅ ዙሪያ 12 የዓሣ ማራገፊያዎች ላይ እንደርሳለን ብለን ነበር። የደረስነው 5 ላይ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ደቅ፣ ጎርጎራ እና ደልጊ። በጀቱ ሲታጠፍ ተሟግቼ ለማስቀረት ስሞክር ይህ ቁጥር ከእጄ ጎድሎ ተገኘ።

12 ብዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ከእናንተ ማንም አልተጠየቀም። በታንኳና በጀልባ የሚደረሰውን ዳር ሁሉ መንገድ እንዳለው ቆጥሬ ነበር ያቀድኩት። ያ ቁጥር በእናንተ ድክመት የጎደለ አይደለም። መጀመሪያውኑ የማይሆን ቁጥር ነበር።

ሌላም አለብኝ። መጋቢት ላይ «በጀቱ እንዴት ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ «ምንም ችግር የለም» ብያችኋለሁ። ያኔ የማብራሪያ ጥያቄ ደርሶኝ ነበር። ያልፋል ብዬ ነው እንጂ ላታልላችሁ አስቤ አይደለም። ሆኖም ያን ጊዜ ብነግራችሁ ኖሮ ሌላ ሥራ ለማየት ሁለት ወር ታተርፉ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ።

አሁን ስለ ኑሯችሁ። ሁላችንም ከአንድ ዓመት በላይ ስለሠራን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠናል። ከዛሬ ጀምሮ ይቆጠራል። ደመወዛችሁ እስከ ሐምሌ 11 ሳይቆራረጥ ይገባል። የሥራ ስንብት ክፍያና ያልወሰዳችሁት የዓመት እረፍትም በገንዘብ ተሰልቶ ይከፈላል። ስሌቱ ሒሳብ ክፍል ተሠርቶ አልቋል፤ የየራሳችሁን ወረቀት ዛሬ አሳያችኋለሁ። ቅር ያላችሁ ነገር ካለ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ለመፈረም ማንም አያጣድፋችሁም።

ዋናው ቢሮ ለመዝገብ ሥራው ሁለት ፕሮግራመሮች እፈልጋለሁ ብሏል፤ እስከ ታኅሣሥ ነው። ሦስት ናችሁ፤ ቦታው ሁለት ነው። ማን እንደሚሄድ ለብቻዬ ከመወሰን ከሦስታችሁ ጋር አብረን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ለአምስቱ መዝጋቢዎች፣ ለመረጃ ባለሙያዋ፣ ለሒሳብ ሠራተኛዋና ለጀልባ ነጂያችን ግን እዚህ ቤት ውስጥ ቦታ አላገኘሁም። ፈልጌያለሁ፤ የለም። የእኔም ቦታ በዚያው ቀን ያበቃል። እስከዚያ ድረስ በሳምንት ሁለት ቀን ለሥራ ፍለጋ ብትወጡ ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። የምስክር ወረቀታችሁን ራሴ እጽፋለሁ። «በትጋት ሠርቷል» የሚል ባዶ ቃል ሳይሆን ምን እንደሠራችሁ በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

ምን እንደሠራችሁማ አውቃለሁ። በ2016 የሞባይል ዳታ በሌለበት ጊዜ ምዝገባው አንድ ቀን አልቆመም። ፕሮግራመሮቹ ሥርዓቱን ፈትተው ክብደቱና የዓሣው ዓይነት በአጭር መልእክት እንዲመጣ አደረጉት። ሦስት ሳምንት ነው የፈጀባቸው። ክረምት ላይ ነጩ ዓሣ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ለመራባት ሲወጣ በሐይቁ ዳር የሚያዘው እንዴት እንደሚለዋወጥ በቀን በቀን የያዝነው በዚህ ምክንያት ነው። ደቅ ላይ ያለችው መዝጋቢያችን ስልኳ ውኃ ገብቶ በሞተበት ሳምንት ሁሉንም በደብተር ጽፋ፣ በኋላ አንድ በአንድ አስገብታዋለች። እኔ እንኳ ይህን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። ጀልባ ነጂያችን ደግሞ ጎርጎራ ደርሶ መልስ ስንት ሰዓት ሞተር ላይ እንደተቀመጠ ቆጥሮት የሚያውቅ ሰው የለም። እምቦጩ መንገድ ሲዘጋበት ዞሮ፣ አምሽቶ፣ ግን ሚዛኑን ሳያደርስ የቀረበት ቀን የለም።

የከበደኝ ለዓሣ አስጋሪዎቹ የምንናገረው ነው። መጀመሪያ ሚዛን ይዘን ስንቀርብ «ግብር ልትጨምሩብን ነው» ብለው እንደሸሹን ታስታውሳላችሁ። አምባዛውን አስቀርተው ቀረሶውን ብቻ የሚያስመዝኑም ነበሩ። ያመኑን ስለ ፕሮግራሙ ተረድተው አይመስለኝም። እናንተ ንጋት ላይ፣ ታንኳው ሳይደርስ ዳር ላይ ስለምትገኙ ነው። ስለዚህ በወሬ እንዲሰሙት አልፈልግም። እስከ ግንቦት መጨረሻ አምስቱም ቦታ ሄደን በራሳችን አፍ እንነግራቸዋለን። እኔ በሁሉም እገኛለሁ። «ለምን ጀመራችሁት?» የሚል ቁጣ ከመጣ የምመልሰው እኔ ነኝ። እናንተ ከሰዎቹ ጋር ነገም በአንድ ሰፈር ትኖራላችሁ።

ባዶ እጃችንንም አንሄድም። ለእያንዳንዱ ማኅበር የራሱ የ14 ወር መዝገብ ታትሞ ይሰጠዋል፤ በወር፣ በዓሣ ዓይነት፣ በኪሎ። ከነጋዴ ጋር ዋጋ ሲከራከሩ የሚያሳዩት ወረቀት ይሆናቸዋል። ሚዛኖቹም እዚያው ይቀራሉ፤ ይህን ዓርብ ማታ በስልክ አስፈቅጃለሁ። ስልኮቹ ግን ይመለሳሉ። የሰዎች ስም ያለበትን መዝገብ ለማንም አናስተላልፍም፤ ይጠፋል። ስማቸውን ስንጽፍ የገባንላቸው ቃል ነው።

እናም የቀረን ሥራ ይህ ነው፤ ሕትመቱና ጉብኝቱ። አዲስ ነገር መገንባት ዛሬ ይቆማል። ግማሽ ላይ ያለ ሥራ ካላችሁ እዚያው ተዉት። እሱን ለመጨረስ ማታ የሚያመሽ ሰው እንዳላይ።

ዛሬ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ያለነው ቢሮ እንገናኛለን። ቡና ይፈላል። ዳር ያላችሁትን ከ10 ሰዓት ጀምሮ ለየብቻ እደውልላችኋለሁ፤ መጀመሪያ ደቅ፣ ከዚያ ደልጊ፣ ጎርጎራ፣ ዘጌ። መናደድ ትችላላችሁ። ጥያቄ ካላችሁም ሳትመርጡ አምጡት። መልሱን የማላውቀው ከሆነ አላውቅም እላችኋለሁ፤ አጣርቼም እስከ ረቡዕ እመልሳለሁ። ዛሬ መምጣት የከበደው ሰው ቤቱ ይቆይ፤ ነገ እንነጋገራለን።

ነገ ጠዋት ሚዛን ላይ የምትቆሙ አምስታችሁ፣ አስጋሪዎቹን እስክንነግራቸው ድረስ ምዝገባው እንደ ወትሮው ይቀጥላል። የነገው ክብደትም በሚሰጣቸው መዝገብ ውስጥ ይገባል።

አክባሪያችሁ፣
የፕሮጀክቱ አስተባባሪ