የዮናታንና የራህዋ የጋብቻ ጥሪ

*የፊት ገጽ*

ዮናታን እና ራህዋ
እሑድ፣ ጥር 16 ቀን 2019 ዓ.ም.
ሰንበት፣ 24 ጥሪ 2027

*የቀኝ ገጽ፣ በአማርኛ*

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለክቡራን ዘመድ ወዳጆቻችን፣

ወ/ሮ አልማዝ በቀለ ከነፍስ ኄር ባለቤታቸው ከአቶ ደረጀ ወልዴ ያፈሩት ልጃቸው

ዮናታን ደረጀ

ከአቶ ኪዳነ ሃብቱ እና ከወ/ሮ አልጋነሽ ተስፋይ ልጅ

ከራህዋ ኪዳነ

ጋር እሑድ፣ ጥር አሥራ ስድስት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2027) በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ስለሚፈጽሙ፣ በዕለቱ ተገኝተው የደስታችን ተካፋይ እንዲሆኑልን በአክብሮት ጠርተንዎታል።

ሥርዓተ ተክሊል፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ አዲስ አበባ

የእንግዳ አቀባበል፦ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ፣ በወ/ሮ አልማዝ በቀለ መኖሪያ ግቢ፣ ቀበና

መምጣትዎ ክብራችን ነው።

ጠሪ ቤተሰቦች

*የግራ ገጽ፣ በትግርኛ*

ብስም ኣብን ወልድን መንፈስ ቅዱስን ሓደ ኣምላኽ ኣሜን።

ኣቶ ኪዳነ ሃብቱን ወይዘሮ ኣልጋነሽ ተስፋይን፣ ጓሎም

ራህዋ ኪዳነ

ምስ ወዲ ወይዘሮ ኣልማዝ በቀለን ነፍስሄር ኣቶ ደረጀ ወልዴን

ዮናታን ደረጀ

እትምርዓወሉ መዓልቲ ተረኺብኩም፣ ናይ ሓጐሶም ተኻፈልቲ ክትኮኑ ብኽብሪ ይዕድሙኹም።

ዕለት፦ ሰንበት፣ 24 ጥሪ 2027 (ብኣቆጻጽራ ግእዝ 16 ጥሪ 2019)

ስርዓተ ተኽሊል፦ ሰዓት 12 ንግሆ፣ ቅድስቲ ስላሴ ካቴድራል፣ ኣዲስ ኣበባ

ኣቀባብላ ጋሻ፦ ካብ ሰዓት 7 ቀትሪ ጀሚሩ፣ ገዛ ወይዘሮ ኣልማዝ በቀለ፣ ቀበና

*ካርዱ ውስጥ የገባች ብጣሽ ወረቀት*

ውድ እንግዶቻችን፣

ካርዱን ወላጆቻችን ጻፉት። ይቺን ግን እኛው ነን የጻፍናት። ከሁሉ በፊት ስለ ቀኑ እናውራ።

ሠርጋችን አንድ ቀን ነው። ካርዱ ላይ ግን ሁለት ቀን ይመስላል። ጥፋቱ የማንም አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው ጥር ሲል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። አሥመራ ያሉት የራህዋ ዘመዶች ግን ጥሪ ሲሉ ጃንዋሪን ነው የሚሉት። ወሩ ስሙ አንድ፣ ቀኑ ሌላ!

የመጀመሪያው ናሙና ላይ «ጥር 16» ብቻ ነበር የተጻፈው። የራህዋ አክስት ፎቶውን ስልካቸው ላይ አይተው ለጃንዋሪ 16 የአውሮፕላን ትኬት ሊቆርጡ ነበር። ስምንት ቀን ቀድመው ሊደርሱልን! በግልባጩ ደግሞ ትግርኛውን አይቶ ጥር 24 የሚመጣ አይጠፋም። እሱ ቀን ሰኞ ነው፣ ድንኳኑም ፈርሷል። ለዚህ ነው ሁለቱም ገጽ ላይ ሁለቱንም ቀን ያስቀመጥነው። ግራ የገባው ሰው ካለ እሑድ የሚለውን ይያዝ። በአማርኛው ገጽ ቀኑን በፊደል ያስጻፍነውም ሆን ብለን ነው። ማተሚያ ቤት አንድ አኃዝ ቢሳሳት ፊደሉ ያድነናል።

ሰዓቱም ያው ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ማለት ከውጭ ለምትመጡት ስልካችሁ ላይ 6፡00 ሲል ነው። እኩለ ቀን መስሎት የመጣ ተክሊሉ አልቆ ያገኘናል። ከቀኑ 7 ሰዓት ደግሞ 13፡00 ነው።

ስለ ስሞቹ ቅደም ተከተል ቅር እንዳትሰኙ። በአማርኛው የወንዱ ቤት ይቀድማል፣ በትግርኛው የሴቷ። ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ምሽት ሙሉ ተወያይተው የደረሱበት ስምምነት ነውና እንዳትነኩብን።

የአባባን ስም እንዴት እንጻፈው የሚለው ነበር ከባዱ። «አቶ ደረጀ እና ወ/ሮ አልማዝ ይጋብዛሉ» እንዳንል እሳቸው የሉም። ስማቸውን እንዳንተው ደግሞ እማማ አይሆንም አሉ። «ልጁ የማን እንደሆነ ካርዱ ይናገር» ነው ያሉት። ጠሪዋ እማማ ሆኑ፣ አባባም «ነፍስ ኄር» ተብለው በክብር ገቡ። እማማ ናሙናው ሲመጣላቸው መነጽራቸውን አድርገው ያችን መስመር ሁለቴ አነበቧት። ከዚያ «በሉ አሳትሙት» አሉ።

ካቴድራሉ ውስጥ ስልካችሁን ዝም አሰኙልን። ቀበና ስትደርሱ ድንኳኑ ከመንገድ ይታያል።

መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ታኅሣሥ 25 (ጃንዋሪ 3) ካርዱን ላደረሰላችሁ ሰው ንገሩት። ስንት ሰው ሆናችሁ እንደምትመጡም አብራችሁ። ወንበር የምንከራየው በዚያ ቁጥር ነው።

ዮናታን እና ራህዋ