ለቀበና ወንዝ ዳር አትክልት አምራች አባላት በሙሉ፦ ስለ አዲሱ የውሃ ተራ

ጥር 6 ቀን

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሳምንት በቦዩ ጫፍ ያሉ እናታችን ጎመናቸው ጠውልጎ አየሁት። ላይኛው መደብ ግን ውሃ ተኝቶበት ነበር። በጣም አዘንኩ። ስለዚህ ኮሚቴው ተራውን እንደገና ሠርቶታል።

ያለን 180 መደብ ነው። ለአንድ መደብ 20 ደቂቃ ይደርሳል። ጠቅላላው 60 ሰዓት ስለሚሆን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን 10 ሰዓት ያዳርሰናል። ፓምፑ ግን ከጠዋቱ 12 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት፣ ማለትም 11 ሰዓት ይሠራል። ትርፏ አንድ ሰዓት ውሃው በቦይ ለሚጓዝበት ናት። እስከ ዛሬ ይህ ጊዜ ከታችኞቹ ተራ ላይ ይቆረጥ ነበር። ፍትሐዊ አልነበረም። አሁን የማንም ደቂቃ የሚቆጠረው ውሃው ማሳው አፍ ላይ ሲደርስ ነው።

አንዱ ሳምንት ከታች ይጀምራል፣ ቀጣዩ ከላይ። ሁሌ አንድ ሰው መጨረሻ እንዳይሆን ነው። የፊታችን ሰኞ ከታች እንጀምራለን።

ተራ መለዋወጥ ይቻላል፤ ለውሃ አባታችን በዋዜማው ንገሩ። ሳይነግር ቦይ የሰበረ ቀጣይ ተራው ያልፈዋል። ለእኔም ቢሆን ያው ነው።

እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ቦይ ጠረጋ አለ። አካፋ ይዛችሁ ኑ። አቅም የሌላቸው አረጋውያን ልጅ ወይም ጎረቤት ይላኩ።

ቅር ያለው ካለ እዚያው እንነጋገር።

አክባሪያችሁ፣
የውሃ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ