የጥቅምት 2018 ጆርናል፣ የካሽ ሽያጭ ቫት እና ክፍያው (የቀለምና የግንባታ ዕቃ ሱቅ፣ ጎፋ)

ጆርናል ቮቸር 041
ቀን፦ ማክሰኞ ጥቅምት 4/2018
ሰነድ፦ የዕለቱ ዜድ ሪፖርት፣ የተቆረጡት ደረሰኞች ቅጂ፣ የካሽ ቆጠራ ወረቀት

ዴቢት 1110 ጥሬ ገንዘብ በእጅ፦ 32,400.00
ዴቢት 6900 የካዝና ጉድለት፦ 30.00
ክሬዲት 4100 ሽያጭ፦ 28,200.00
ክሬዲት 2150 የሽያጭ ቫት፦ 4,230.00
ድምር፦ 32,430.00 በ 32,430.00

ማብራሪያ፦ የዕለቱ ሽያጭ ሙሉ በሙሉ በካሽ ነው፣ ዱቤም ቴሌብርም የለበትም። የተሸጠው 6 ጣሳ ባለ 4 ሊትር ቀለም በ2,300፣ 8 ሮለር በ350፣ 4 ከረጢት ስቱኮ በ1,150 እና 2 የበር ቁልፍ በ3,500 ሲሆን ሁሉም ከቫት በፊት ያለ ዋጋ ነው፣ ሲደመር 28,200 ይመጣል፣ 15 ፐርሰንቱ 4,230፣ ማሽኑም ዜድ ላይ ያወጣው ይሄንኑ ነው።

ጋሼ ይሄን ገጽ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ለምን ሽያጩ 32,430 አልተባለም፣ ገንዘቡ እኮ ገብቷል» ነው፣ ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው። ገንዘቡ ገብቷል፣ ግን 4,230ው የሱቁ አይደለም። ገዢው ለመንግስት የከፈለውን እኛ ተቀብለን ነው ያስቀመጥነው፣ ለዛ ነው ከሽያጭ ጋር ሳይቀላቀል ዕዳ ውስጥ የገባው፣ እዳው ደግሞ የተፈጠረው ደረሰኙ ሲቆረጥ ነው እንጂ ወር ሲያልቅ ዲክሌር ስናደርግ አይደለም። ብዙ ሱቅ ሙሉውን ሽያጭ ላይ ይጽፍና ወር መጨረሻ ላይ ቫቱን ፍለጋ ይገባል፣ እኔ በዚህ አልስማማም፣ ከመጀመሪያው ቀን ካልተለየ በወሩ መሀል ካዝና ውስጥ ያለው ሁሉ የኛ ይመስላል ከዛ ዕቃ ይገዛበታል ኪራይ ይከፈልበታል፣ መክፈያው ሲደርስ ብድር ይጀመራል።

ስሌቱ ላይ አንድ ነገር። መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋ ቫት የገባበት ስለሆነ ከጠቅላላው ላይ ቫቱን ለማውጣት በ1.15 ነው የሚካፈለው፦

```
32,430 ÷ 1.15 = 28,200
32,430 − 28,200 = 4,230
```

32,430ን በ15 ፐርሰንት ካባዙት 4,864.50 ይወጣል፣ ይሄ ስህተት ነው፣ ቫት ላይ ራሱ ቫት ማስላት ነው፣ በአንድ ቀን ብቻ 634.50 ብር ከኪሳችን ይወጣ ነበር። ካሸሯ ልጅ ካልኩሌተር ላይ እንደዛ ስትሰራ አይቻለሁ፣ ማሽኑ በትክክል ስለሚያወጣው ደረሰኙ ላይ ችግር አልመጣም፣ ቢሆንም ዋጋ ስትነግር ግራ እንዳይገባት የዜዱን ቁጥር እያየች ትስራ።

የ30 ብሩ ጉድለት። ለመልስ የተቀመጠው 1,500 ሳይቆጠር ካዝና ውስጥ የተገኘው 32,400 ነው፣ ዜዱ 32,430 ይላል። ምናልባት መልስ ሲሰጥ ሄዷል፣ ማንም ጋር ክርክር አያስፈልግም። ዋናው ግን ጉድለቱ ቫቱን አይነካውም፣ የጎደለው የኛ ኪሳራ ነው፣ መንግስት የሚጠብቀው ማሽኑ የመዘገበውን 4,230 ነው። ስለዚህ «ካሹ 32,400 ነው እሱን በ1.15 አካፍለው» የሚለው ሀሳብ አይሰራም፣ መዝገባችን ከማሽኑ ይለያያል፣ ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስተያየው ደግሞ እነዚህን ሁለቱን ነው።

ሌላ፣ ቁልፎቹን የገዛው ሰውዬ «ያለ ደረሰኝ በ7 ሺህ ጨርሺልኝ» ብሏት ነበር፣ እሷ 8,050 ብላ ደረሰኝ ቆርጣለታለች፣ በጣም ጎበዝ። ጋሼ እባክዎ ለነባር ደንበኛ ተብሎም ቢሆን እንዲህ ሲጠይቁ እርስዎም እንደሷ ይበሉ፣ ያለ ደረሰኝ የወጣ ዕቃ ከስቶክ ይጎድላል ሽያጭ ላይ ግን አይገኝም፣ ያንን በኋላ ማስረዳት ከ1,050 ብር በላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ጆርናል ቮቸር 042
ቀን፦ ጥቅምት 4/2018
ሰነድ፦ የስቶክ ካርድ

ዴቢት 5100 የተሸጠ ዕቃ ወጪ፦ 21,680.00
ክሬዲት 1300 የዕቃ ክምችት፦ 21,680.00

ማብራሪያ፦ ቀለም 6 በ1,800፣ ሮለር 8 በ240፣ ስቱኮ 4 በ890፣ ቁልፍ 2 በ2,700። እነዚህም ከቫት በፊት ያሉ የግዢ ዋጋዎች ናቸው፣ ስንገዛ የከፈልነው ቫት 1160 ላይ ለብቻው ስላለ የዕቃው ዋጋ ውስጥ አይገባም። የዕለቱ ትርፍ ሌላ ወጪ ሳይቀነስ 6,520 ብር ነው። ቫቱ ሽያጭ ውስጥ ቢገባ ኖሮ 10,750 ያተረፍን ይመስል ነበር፣ ለዚህ ነው በላይኛው ገጽ ያን ያህል የዘበዘብኩት።

ጆርናል ቮቸር 043
ቀን፦ ጥቅምት 5/2018
ሰነድ፦ የባንክ ገቢ ስሊፕ

ዴቢት 1120 ባንክ፦ 30,000.00
ክሬዲት 1110 ጥሬ ገንዘብ በእጅ፦ 30,000.00

ማብራሪያ፦ የማክሰኞው ካሽ ገቢ የተደረገበት። 2,400ው ካዝና ቀርቷል።

ጆርናል ቮቸር 067
ቀን፦ ጥቅምት 30/2018
ሰነድ፦ የወሩ ዜድ ሪፖርቶች ድምር፣ የግዢ ደረሰኞች ፋይል፣ የቫት ዲክላሬሽን መስሪያ ወረቀት

ዴቢት 2150 የሽያጭ ቫት፦ 126,900.00
ክሬዲት 1160 የግዢ ቫት፦ 87,900.00
ክሬዲት 2155 ለገቢዎች የሚከፈል ቫት፦ 39,000.00
ድምር፦ 126,900.00 በ 126,900.00

ማብራሪያ፦ የጥቅምት ሽያጭ ከቫት በፊት 846,000 ብር፣ የሰበሰብነው ቫት 126,900፣ የጥቅምት 4ቷ 4,230ም እዚህ ውስጥ ናት። በወሩ የገዛነው ከቫት በፊት 610,000፣ ስንገዛ የከፈልነው ቫት 91,500። የሚከፈለው ልዩነቱ ነው፣ ይሄ አሰራር ቫት በ1995 የሽያጭ ታክስን ተክቶ ከገባ ጀምሮ ያለ ነው፣ አዲሱ አዋጅ 1341/2016ም 15 ፐርሰንቱን አልነካውም።

እንግዲህ 126,900 ሲቀነስ 91,500 እኮ 35,400 ነው፣ 39,000 ከየት መጣ የሚል ይኖራል። የስቱኮ አከፋፋዩ በጥቅምት 17 የቆረጠልን ከቫት በፊት የ24,000 ብር ደረሰኝ ላይ የኛ ቲን ቁጥር ተሳስቷል፣ ሁለት አሀዝ ቦታ ተቀያይሯል። ቫቱ 3,600 ብር ነው። ዕቃው ገብቷል፣ ብሩ ተከፍሏል፣ ሰውየውም አልካደም፣ ግን በሌላ ሰው ቲን የተቆረጠ ደረሰኝ ይዤ ቀንሱልኝ ማለት አልችልም፣ ብሞክርም ሲስተሙ ላይ ከሻጩ ሪፖርት ጋር አይገጥምም። ስለዚህ 87,900ውን ብቻ አወራርጄ 3,600ው 1160 ላይ እንዳለ ቆይቷል። ወጪ አላደረግኩትም፣ ምክንያቱም አከፋፋዩ የመጀመሪያውን ሪፈንድ አድርጎ በትክክለኛው ቲን ሌላ ከቆረጠልን ይቀነስልናል። እምቢ ካለ ያኔ ወደ ዕቃው ዋጋ ይዞራል።

ጋሼ 3,600 ብር ለምን ይቆማል ብለው እንደሚናደዱ አውቃለሁ፣ ንዴቱ ግን ወደ ስቱኮው ሰውዬ ይሂድ :) ዕቃ የሚያመጣው ልጅ ደረሰኙን ሳይቀበል በፊት ቲኑን ከንግድ ፈቃዱ ኮፒ ጋር ያስተያይ፣ ኮፒውን ለዚህ ብዬ ነው መኪናው ውስጥ ያስቀመጥኩት።

ይሄ ቮቸር ገንዘብ አላንቀሳቀሰም፣ ባንክም ካሽም አልተነካም። ሁለቱን የቫት ሂሳቦች አጣፍቶ ምን ያህል ዕዳ እንዳለብን በአንድ መስመር ያሳያል፣ በቃ። መክፈያ ቀኑ እስከ ኅዳር 30 ነው፣ ባንክ ውስጥ ያለው ብር ላይ 39,000 የኛ እንዳልሆነ ይታወቅ፣ የሚቀጥለው የቀለም ኦርደር ከዛ በተረፈው ይታሰብ።

ጆርናል ቮቸር 088
ቀን፦ ረቡዕ ኅዳር 24/2018
ሰነድ፦ ዲክሌር የተደረገበት ማረጋገጫ፣ የክፍያ ማዘዣ፣ የባንክ ክፍያ ደረሰኝ

ዴቢት 2155 ለገቢዎች የሚከፈል ቫት፦ 39,000.00
ክሬዲት 1120 ባንክ፦ 39,000.00

ማብራሪያ፦ የጥቅምት 2018 ቫት ክፍያ። ኅዳር ጽዮን ካለፈ በኋላ ይሁን ስለተባለ ነው ወደ 24 የመጣው፣ አሁንም ስድስት ቀን ቀድመናል፣ መጨረሻው ቀን ላይ ሲስተሙም ባንኩም ሰው ስለሚበዛበት እኔ ወደ ፊት ከ20 በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ዴቢቱ ወጪ ሂሳብ ላይ አይደለም፣ ይሄን ደግሜ እጽፈዋለሁ ምክንያቱም ከኔ በፊት የነበረው ደብተር ላይ የቫት ክፍያ በሙሉ «የግብር ወጪ» ተብሎ ነው ያለው። የተከፈለው ዕዳ ነው፣ የተሰበሰበው ሲገባ ገቢ አላልነውም፣ ሲወጣም ወጪ አይባልም፣ ትርፍና ኪሳራው ላይ አንድ ብር አይለወጥም። ብንዘገይ ኖሮ የሚመጣው መቀጫና ወለድ ግን የራሳችን ወጪ ነው፣ እሱ በ6950 ለብቻው ይጻፍ ነበር፣ ለዓመታዊው ግብር ሲሰራም መቀጫ ተቀናሽ አይሆንም።

የኅዳር 24 ቀሪዎች፦
2150 የሽያጭ ቫት፣ የጥቅምት ቀሪ 0.00 (የኅዳር ሽያጭ ለብቻው እየተጠራቀመ ነው)
2155 ለገቢዎች የሚከፈል ቫት፣ 0.00
1160 የግዢ ቫት፣ ከጥቅምት የተንጠለጠለ 3,600.00

የስቱኮው አከፋፋይ ትናንት ተደውሎለት ሰኞ አስተካክላለሁ ብሏል። አዲሱ ደረሰኝ ኅዳር ሳያልቅ ከመጣ በኅዳር ዲክላሬሽን ይገባል፣ አሮጌው ከሪፈንዱ ወረቀት ጋር ተያይዞ በጥቅምት ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፣ እንዳይጣል።