ቲቸር

ባለፈው ማክሰኞ ቲቸርን ቀበርነው። ስም ነበረው፤ ግን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን በስሙ የሚጠራው እናቱ ብቻ ነበረች። አንቱታ አይወድም። «ሜዳ ላይ አንቱ የለም» ይለን ነበር። እዚህም አንቱ ብለው የሚቆጣኝ ይመስለኛል።

ሃያ ምናምን ዓመት የመንደሩን ልጆች ሩጫ አሠለጠነ፤ ያለ ደመወዝ። ጠዋት 12 ሰዓት ባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ ይጠብቀናል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከዚያ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈን በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዝን እንሮጣለን። ከፊት የሚያስቀድመው ደካማውን ነው። ማለፍ ክልክል! ጎበዝ ነን የምንለው በንዴት እንቃጠላለን። እሱ ግን ስለ ከብቱ፣ ስለ ፈተናው ያስወራናል። ማውራት ያቃተው ልጅ ፈጥኗል ማለት ነው። መንደራችን ከፍታዋ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ አየሩ ስስ ነው። መጀመሪያ ላይ የተጣደፈ ዳገቱ ላይ ሲቀር በዓይኔ እስካይ ድረስ ቲቸር የሚቀናብን ይመስለኝ ነበር።

በየዓመቱ ጳጉሜን 5 የአበበ ቢቂላን ታሪክ ይነግረናል። የሰሜን ሸዋው ልጅ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው በዚያች ዕለት፣ በ1952 ዓ.ም. ነው፤ በማግስቱ እንቁጣጣሽ። እኛም ጫማችንን ለማውለቅ እንሽቀዳደማለን። «ቆይ» ይለናል። «ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሦስት ደቂቃ ያህል አሻሽሏል። ያለው ያድርግ!»

ግትር ነበር፣ አልዋሽም። ለሽልማት ብር ጎዳና ላይ ልሩጥ ያለውን ልጅ 18 ሳይሞላው አይለቀውም። በዚህ የተኳረፉት ወላጆች ብዙ ናቸው። ሴቶቹን ለማስመጣት ግን መለሳለስ ያውቅበታል። ውሃ የሚቀዳልኝ ማን ነው ላለች እናት ጀሪካኑን ራሱ ተሸክሞ ወንዝ ወርዷል። መንደሩ ለአንድ ሳምንት ሳቀበት። ልጅቷ ግን መጣች።

ለቅሶ ቤት ልጁ የቲቸርን ደብተሮች አወጣችልን። ሰዓት የመዘገበ መስሎን ነበር። የመዘገበው የቀረውን ልጅ ከነምክንያቱ ነው። «አጨዳ።» «እናቷ ወልዳ።» የእኔንም ፈልጌ አገኘሁ። ያን ቀን እግሬን አመመኝ ብዬ ነበር የቀረሁት። ከስሜ ጎን «ኮንጎው ተቀዷል፣ አፍሮ ነው» ይላል።

በሳምንቱ ሸራ ጫማ ሰጥቶኛል። «ለልጄ ስለጠበበ ነው» ብሎኝ ነበር። ይህችኑ ልጁን ስጠይቃት ሳቀች። ያኔ ገና አልተወለደችም።