የወሎ ስብስብ፦ የቀረጻ መመሪያ ለሉክቡካችን

ለፎቶግራፈሩና ለሁለቱ ሞዴሎች፦

ደንበኛችን ጨርቁን መዳሰስ አትችልም፤ የምታየው በስልኳ ብቻ ነው። ስለዚህ ከፊት ይልቅ የጨርቁ አወራረድ ይቅደም። ፍላሽ አንጠቀምም። የእጅ ፈትሉን ለስላሳ ፕላስቲክ ያስመስለዋል።

ሐይቅ፣ ማለዳ። ነጭ የሸማ ቀሚስ ከነጠላ ጋር

ቦታው የሐይቁ ዳር ነው፣ ውሃው ከጀርባ። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም አንጠጋም፤ ለሴት ክልክል ነው።

ነጠላው ድርብ ቢሆንም ስስ ነው፣ ትንሽ ንፋስ ይበቃዋል። አንዱ ጫፍ ግራ ትከሻ ላይ ይጣል፣ ሌላው በቀኝ ክንድ ላይ አርፎ እስከ ጉልበት ይውረድ። ፀሐይዋ ከጎን ትምታው፤ ያኔ ክሩ አንድ በአንድ ይታያል። ቀሚሱ በደንብ ይተኮስ፣ የነጠላው እጥፋት ግን አይጥፋ። ከሻንጣ የወጣ መምሰሉን እንኳ እወደዋለሁ።

ሞዴሏ በዝግታ ትራመድ፣ ከዚያ ዞር ብላ ትቁም። የምንፈልጋት ቅጽበት እሷ ቆማ ጨርቁ ገና ሲከተላት ያለችው ናት። ደጋግማችሁ አንሱ።

አደራ፣ ጥለቱ ወደ አንገት እንዳይዞር! የሐዘን አለባበስ ነው። እንዲህ አድርገን ከለጠፍን ኮሜንቱን አያድርስ ነው።

ባቲ፣ ሰኞ ጠዋት። ብርቱካናማው የሽፎን ቀሚስ ከሻሽ ጋር

ሰኞ የገበያ ቀን ነው፤ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ይገናኛል። ሙቀቱ ሳይበረታ እንጨርስ። ሽፎን ላብ ከነካው ይጣበቃል፣ አወራረዱም ያበቃል።

ሞዴሏ እጇን ወገቧ ላይ አታድርግ፤ የሠርግ አልበም ይሆንብናል። ዘንቢል ትያዝ፣ ዝቅ ብላ በርበሬ ትምረጥ፣ ሻጯን ቀና ብላ ታናግር። ዝቅ ስትል ሻሹ ከትከሻዋ ይንሸራተት፣ አታስተካክለው። ግመሎቹ ከኋላ ደብዘዝ ብለው ይግቡ። ሻጮቹን ግን ሳናስፈቅድ አናነሳም፤ እንቢ ካሉም አንለማመጥም።

ደሴ፣ ከሰዓት። ጋቢ

ይህ የወንዱ ሞዴል ተራ ነው። የጦሳ ተራራ ፀሐይዋን ቶሎ ስለሚሸፍናት 9 ሰዓት ላይ ዝግጁ እንሁን። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ አይንሳፈፍም፤ ክብደቱ ይታይ። ድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጦ በደንብ ይከናነብ፣ አንድ እጁ ብቻ ከውስጥ ወጥቶ የቡና ሲኒ ይያዝ። ፈገግታ አያስፈልግም፣ ብርድ ነው።

ለእያንዳንዱ ልብስ ጥለቱ ወይም ስፌቱ በቅርበት የሚታይበት አንድ ፎቶ ይጨመር። ሁሉም በቁመት ይነሳ። ቀለሙ ላይ ፊልተር የለም፤ ብርቱካናማው ቀይ መስሎ ከታየ ልብሱ ተመልሶ የሚመጣው እኛው ጋ ነው።